ዋጋ ስንጨምር ደንበኛችንን እንዳናጣ

በዚህ ጽሑፍ የምናነሣው በየቤታችን ያለ ጉዳይ ነው። ከመካከላችን እንጀራ ጋግሮ የሚሸጥ፣ ልብስ የሚሰፋ፣ በአህያ ጋሪ ውሃ የሚያመላልስ፣ ፀጉር የሚሠራ፣ ልጆች የሚያስጠና ብዙ ነው። እነዚህ ሁሉ ቋሚ ደንበኛ አላቸው። ዕቃ ሲወደድ ደግሞ ሁሉም አንድ ጭንቅ ይይዛቸዋል። ዋጋ ካልጨመሩ ድካማቸው ከንቱ ይቀራል፤ ከጨመሩ ደንበኛው ይሄድብናል ብለው ይፈራሉ።

ስለዚህ ጉዳይ የምንጽፈው እኛም ስለተሳሳትን ነው። ሦስት መምህራን ሆነን ማታ ማታ ልጆች እናስጠና ነበር። ሃያ ሁለት ተማሪ ነበረን። የጠመኔውና የወረቀቱ ዋጋ ሲንር፣ የእኛም አስቤዛ አልገዛ ሲል ተነጋገርንና ክፍያውን ጨመርን። የጨመርነው ግን በነሐሴ ነበር። ወሬውን ለወላጆች ያደረስነው በብጣሽ ወረቀት ጽፈን በልጆቹ እጅ ነው። «ከነገ ጀምሮ» የሚልም ጽፈንበታል። በማግስቱ የመጡት ዘጠኝ ልጆች ብቻ ነበሩ። በኋላ ወላጆቹን አግኝተን ስንጠይቅ አብዛኞቹ በጭማሪው መጠን አልተቆጡም። አንዲት እናት «ኧረ መምህር፣ ገንዘቡስ ባልከፋ፤ ቤቴ ድረስ መጥታችሁ ብትነግሩኝ ምን ነበረበት? ደግሞስ በነሐሴ ማን ገንዘብ አለው?» አሉን። በዚህ በእኚህ እናት ንግግር ውስጥ ሁለት ነገር አለ፤ አንዱ አነጋገር ነው፣ ሌላው ጊዜ ነው። ከዚያ ወዲህ ሌላ ሰው ዋጋ ሊጨምር ሲል እነዚህን ሁለቱን አስቀድመን እንጠይቃለን።

በኋላ በሰፈራችን እንጀራ የምትጋግር አንዲት እህት ምክር ፈልጋ መጣች። የእሷን ጉዳይ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ እንከተለው፤ ሌላውም ሠራተኛ በራሱ ሥራ ልክ ሊያስተካክለው ይችላል። ለሒሳብ እንዲቀል ቁጥሮቹን ክብ አድርገናቸዋል። ገበያው በየሳምንቱ ስለሚለዋወጥ የዛሬ ዋጋ ናቸው ብላችሁ አትያዙ፤ ስሌቱን ብቻ ተከተሉ።

መጀመሪያ ሒሳቡ

ይህች እህት አሥራ ሁለት ቋሚ ቤቶች አሏት። እያንዳንዱ ቤት በቀን አምስት እንጀራ ይወስዳል። ስለዚህ በቀን 60 እንጀራ ትጋግራለች ማለት ነው። የምትጋግረው በማሽላ ነው፤ ጤፍ በመተማ በኩል ሲመጣ ለእኛ ኪስ አይቀመስም። አንዱን እንጀራ በ200 ፓውንድ ትሸጥ ነበር።

ዋጋውን ባወጣችበት ጊዜ ለ60 እንጀራ ለማሽላና ለወፍጮ 6,000፣ ለእንጨት 2,400፣ ለውሃና ለልዩ ልዩ 600፣ በድምሩ 9,000 ፓውንድ ታወጣ ነበር። አንዱ እንጀራ 150 ይፈጅባታል፤ 50 ይተርፋታል። በቀን 3,000 ለቤቷ ይገባል።

ወደ እኛ ስትመጣ መስከረም ብቶ ነበር። ማሽላውና ወፍጮው 7,600፣ እንጨቱ 3,000፣ ውሃውና ሌላው 800 ገብቷል። ድምሩ 11,400 ነው። አንዱ እንጀራ 190 ይፈጃል። ትርፏ ከ50 ወርዶ 10 ፓውንድ ሆኗል። ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ተነሥታ፣ ጭስ ውጣ፣ በቀን የምታገኘው 600 ፓውንድ ነበር። እሷ ግን ይህን አላወቀችም። «ብሩ ይመጣል፣ ግን አይበረክትልኝም» ነበር ያለችን። የምትሸጠውን እንጂ የምታወጣውን አትጽፍም ነበርና። ስለዚህ ዋጋ ከመጨመር በፊት አንድ ሳምንት ሙሉ የወጣውን ሁሉ በደብተር መጻፍ ያስፈልጋል። ያለዚያ የሚጨመረው በግምት ይሆናል፤ በግምት የጨመረ ሰው ደግሞ ደንበኛው «ለምን?» ሲለው አፉ ይተሳሰራል።

ቀጥሎ ስንት ትጨምር የሚለው መጣ። በቀላሉ ሲታይ ወጪው 190 ነው፣ ድሮ የሚተርፋት 50 ነው፣ ስለዚህ 240 ይሁን ይባላል። ነገር ግን ያ 50 ፓውንድ ራሱ የድሮውን ያህል አይገዛም። የእንጀራዋ ወጪ በጠቅላላው ከሩብ በላይ ጨምሯል፤ ለልጆቿ የምትገዛው ስኳርና ሳሙናም እንደዚያው ነው። ስለዚህ ትርፏም ወደ 60 ከፍ ካላለ ኑሮዋ ወደ ኋላ ይቀራል። እንግዲህ 250 ደረስን።

ለ250 ሌላ ምክንያትም አለው፤ እሱም ፈካ ነው። በዚህ አገር ሰው እጅ የሚገኘው የ500 እና የ1,000 ኖት ነው። መንግሥት እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2024 በአዲስ የቀየራቸውም እነዚሁ ሁለቱ ኖቶች ናቸው። ዋጋው 250 ከሆነ ሁለት እንጀራ 500፣ አራት እንጀራ 1,000 ነው፤ መልስ ፍለጋ ጎረቤት መዞር አይኖርም። 240 ቢሆን ኖሮ ጠዋት ጠዋት ስለ መልስ ንትርክ ይነሣ ነበር። ዋጋ ስታወጡ ደንበኛው እጅ ላይ ያለውን ኖት አስቡ።

«ቢሄዱብኝስ?» ለሚለው ፍርሃት

እህታችን ዋናው ፍርሃቷ ይህ ነበር። ስለዚህ ፍርሃቱንም በሒሳብ አየነው። በድሮው ዋጋ አሥራ ሁለቱንም ቤት ይዛ ብትቀጥል በቀን 600 ታገኛለች። በአዲሱ ዋጋ ከአሥራ ሁለቱ ቤት ስድስቱ ቢሄዱባት 30 እንጀራ ትሸጣለች፤ በ60 ስናባዛው 1,800 ነው። እውነቱን ለመናገር ይህ ሙሉ በሙሉ አይገኝም፤ ምጣዱን ለማጋል የሚነደው እንጨት እንጀራው በግማሽ ስለቀነሰ በግማሽ አይቀንስም። ለዚያ 500 ያህል እንቀንስና 1,300 ይቀራታል። ግማሹ ደንበኛ ሄዶ፣ በግማሽ ድካም፣ ከድሮው ሁለት እጥፍ ማለት ነው።

ይህ ስሌት ለሁሉም ሥራ አይገጥምም። ትርፉ ገና ደህና የሆነ ሰው በጥቂቱ ጨምሮ ብዙ ደንበኛ ቢያጣ ይጎዳል። ለምሳሌ ወጪዋ 150 ላይ እያለ በ10 ብቻ ብትጨምር ትርፏ ከ50 ወደ 60 ይሄዳል፤ ከአሥራ ሁለቱ ሦስት ቤት ቢሄድባት ግን በቀን 2,700 ታገኛለች። ከድሮው 3,000 ያነሰ ነው። ስለዚህ እያንዳንዱ ሰው ከመናገሩ በፊት «ስንት ደንበኛ ቢሄድብኝ ነው የምጎዳው?» ብሎ በራሱ ቁጥር ያስላ። መልሱ ብዙ ሰው ከሆነ ፍርሃቱ ይቀላል፤ አንድ ወይም ሁለት ሰው ከሆነ ጥቂት መቆየት ይሻላል።

እህታችን አንድ ሌላ ሐሳብ ነበራት። «ዋጋውን ከምጨምር እንጀራውን ትንሽ ባሳንሰውስ? ማን ያውቅብኛል?» አለችን። ይህ መንገድ ብዙ ሰው የሚሄድበት ነው። ነገር ግን ያወቁባትን ሰዎች ታሪክ ከእሷው አፍ ሰማን፤ ከእሷ በፊት ትጋግር የነበረችው ሴት ደንበኞቿን ያጣችው በዚህ ነበር። እናት ለአምስት ልጅ እንጀራ ስታካፍል የሳሳውንና ያነሰውን በዓይኗ ሳይሆን በልጆቹ ረሃብ ታውቀዋለች። የተጨመረ ዋጋ አንድ ቀን ያነጋግራል፤ የተደበቀ ማሳነስ ግን «ይቺ ሴት ሌላስ ምን ታደርገን ይሆን?» ያሰኛል። ከዚያ በኋላ ሊጡ በደህና ቀን ቢኮመጥጥ እንኳ ሰው በክፉ ይተረጉመዋል። ስለዚህ መጠኑን ሳትነካ ዋጋውን በግልጽ እንድትናገር ተስማማን።

ጊዜው

የገዳሪፍን ምድር ሁላችንም አውቀነዋል። ከ1940ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ በትራክተር የታረሰ፣ የሰሊጥና የማሽላ አገር ነው። የእኛም ኪስ የሚሞላውና የሚጎድለው ከዚሁ እርሻ ጋር ነው። ከሐምሌ እስከ መስከረም የአምናው ማሽላ ጎተራ ውስጥ ያልቃል፤ መንገዱ በጥቁር ጭቃ ይያዛል፤ እንጨቱ ይረጥባል። ዕቃ በጣም የሚወደደው ያኔ ነው። የቀን ሥራ የሚጠፋውም ያኔ ነው። ከመስከረም መጨረሻ እስከ ኅዳር የሰሊጥ አጨዳ ይመጣል፤ ወንዱም ሴቱም ወደ እርሻ ይወርዳል፣ ደመወዝ ይገባል። በኅዳርና በታኅሣሥ ማሽላው ይሰበሰብና ዋጋው ይረግባል።

እንግዲህ አስቸጋሪው ነገር እዚህ ላይ ነው። ወጪያችን ጣሪያ የሚነካው ደንበኛችን ባዶ ኪስ በሆነበት ወቅት ነው። በነሐሴ ብንጨምር፣ እኛ መምህራን እንዳደረግነው፣ ምክንያቱን ሁሉም ያውቃል፤ የሚከፍል ግን የለም። እስከ ኅዳር ብንጠብቅ ደግሞ ገንዘብ አለ፤ ደንበኛው ግን «ማሽላ በረከሰበት ወር እንዴት ትጨምሪብኛለሽ?» ይላል፤ እውነቱንም ነው።

ስለዚህ ሁለቱን ለያየናቸው። ጭማሪው የሚነገረው ምክንያቱ በዓይን በሚታይበት ጊዜ፣ የሚጀምረው ደግሞ ገንዘብ እጅ በሚገባበት ጊዜ እንዲሆን ተስማማን። በመካከሉ ያለው ቀን የእፎይታ ጊዜ ነው። እህታችን መስከረም 24 ተናገረች፤ አዲሱ ዋጋ የጀመረው ጥቅምት 8 ነው። ስትናገር ማሽላው ገና ውድ ነበር፣ ማንም «አላየሁም» ሊል አይችልም። ሲጀምር የመጀመሪያው የሰሊጥ ደመወዝ ወደ ቤት እየገባ ነበር።

እርሻ ለሌለው ደንበኛ ሌላ ቀን ይፈለግለታል። በወር ኢንሴንቲቭ የሚከፈለው ሰው ከሆነ የደመወዙ ቀን ነው የሚታየው። ልጅ ለሚያስጠኑ የትምህርት መጀመሪያ ጥሩ ይመስላል፣ ግን ደብተርና ዩኒፎርም ኪስ ያራቁታል፤ አንድ ወር ቆይቶ መጀመር ይሻላል። በዐውደ ዓመት ዋዜማ፣ ለቅሶ በተቀመጠበት ቤት፣ ራሽን በዘገየበት ሳምንት ዋጋ አይነገርም። ይህ ለደግነት ብቻ አይደለም፤ በዚያን ቀን የተነገረ ዋጋ ከኀዘኑ ጋር ተቆራኝቶ ስለሚቀር ነው።

አነጋገሩ

«ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ» ይባላል። ጭማሪ የሚነገረው ፊት ለፊት፣ በባለቤቱ አፍ፣ ለቤቱ አስተዳዳሪ ነው። በልጅ እጅ አይላክም። ሰው በተሰበሰበበት የውሃ ቦታም አይነገርም፤ አንዱ ሲያጉረመርም ሌላው ይከተለዋልና። እህታችን አሥራ ሁለቱንም ቤት በሁለት ቀን ዞረች። ሁሉም በአንድ ጊዜ መስማታቸው ቁም ነገር ነው፤ አንዱ ቤት ከሌላው ቤት ወሬ ሆኖ ከሰማ «እኔን ደበቀችኝ» ይላል።

የምትናገረውን አስቀድመን አብረን አዘጋጀን። አምስት ነገር ይኖረዋል፤ ዋጋው ስንት እንደሆነ፣ ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ፣ ምክንያቱ በአንድ ዓረፍተ ነገር፣ የማይለወጠው ነገር ምን እንደሆነ፣ እና ለደንበኛው ያለው ምርጫ። እንዲህ አለች፦

«እትዬ፣ እንደምን አደሩ? አንድ ነገር ልንገርዎ ብዬ ነው። ማሽላውና እንጨቱ እንደሚያዩት ነው፤ በ200 አላዋጣኝም። ከጥቅምት 8 ጀምሮ እንጀራው 250 ይሆናል። እስከዚያ ድረስ ለእርስዎ በድሮው ዋጋ ነው። መጠኑም ዱቄቱም አይቀየርም። አምስት ይበዛብኛል ካሉ አራት አድርገው በዚያው በሺው መቀጠል ይችላሉ፤ ደስ እንዳለዎት።»

በቃ፣ ይኸው ነው። ስታወራው አንድ ደቂቃ አይሞላም። የመጨረሻዋን አባባል ልብ በሉልን። ድሮ አምስት እንጀራ በ200 ሒሳብ 1,000 ነበር፤ አሁን አራት እንጀራ በ250 ያው 1,000 ነው። የቤቱ ወጪ ሳይነካ የሚቀጥልበት በር ተከፍቷል። በር የሌለው ጭማሪ «ውሰድ ወይም ተው» ይመስላል፤ ሰው እልህ ይይዘውና ይተዋል።

የማይባሉትንም ተነጋግረናል። «ብጨምር ምን ይመስልዎታል?» አይባልም፤ ጥያቄ ከሆነ መልሱ «አትጨምሪ» ነው፣ ከዚያ በኋላ መጨመር ሰውን መናቅ ይሆናል። «ይቅርታ፣ በጣም ይቅርታ» እያሉ ደጋግሞ መለመንም ጥሩ አይደለም፤ በደል የሠራን ያስመስላል። ስለ ልጆቻችን ሕመምና ስለ ችግራችን ረጅም ታሪክ ማውራትም አይረዳም። የምናወራለት ሰው የራሱ ችግር አለበት፤ ችግር ለችግር ማነጻጸር ከተጀመረ ማብቂያ የለውም። «ሁሉም ጨምሯል» ማለትም ደካማ ነው። ደንበኛው ያልጨመረ አንድ ሰው ፈልጎ ያመጣልና።

ሱዳናዊ ደንበኛ ያላቸው፣ ልብስ የሚያጥቡ ወይም ቤት የሚያጸዱ እህቶችም በዚሁ መንገድ ሊናገሩ ይችላሉ። ሰላምታው በቅጡ ከተሰጣጡ በኋላ፣ እንግዳ በሌለበት ሰዓት፣ ለቤቱ እመቤት መንገሩ ይሻላል። «ሚን አወል አሽሸህር» ማለትም «ከወሩ መጀመሪያ ጀምሮ» የምትለዋን ቃል አጥብቀው ይያዙ። ቀኑ በግልጽ ካልተነገረ አንደኛው ወገን ከዛሬ፣ ሌላው ወገን ከመጪው ወር ይመስለዋል፤ በወሩ መጨረሻ ጠብ የሚነሣው በዚህ ነው።

የእፎይታው ጊዜ

የእፎይታ ጊዜ ነፃ ስጦታ አይደለም፤ ዋጋ አለው። እህታችን ለአሥራ አራት ቀን በየቀኑ 60 እንጀራ በ50 ፓውንድ ቅናሽ ሸጠች፤ 42,000 ፓውንድ ሳታገኝ ቀረች ማለት ነው። ይህን ልትችል የቻለችው በድሮውም ዋጋ ቢሆን 10 ፓውንድ ስለሚተርፋት ነው። ወጪዋ 210 ደርሶ ቢሆን ኖሮ በየቀኑ ከኪሷ ታወጣ ነበር። ያን ጊዜ ሁለት ሳምንት አይቻልም፤ ሦስት አራት ቀን ብቻ መስጠት፣ ወይም ወዲያውኑ ግማሹን ጨምሮ ቀሪውን ከደመወዝ በኋላ ማድረግ ይሻላል።

የጊዜው ርዝመት በልማድ አይወሰንም። በውስጡ ቢያንስ አንድ የደንበኛው የክፍያ ቀን መኖር አለበት። የሳምንት ተከፋይ ከሆነ አንድ ሳምንት ከጥቂት ቀን ይበቃል። ባሏ አጨዳ ወርዶ ገና ያልተመለሰ አንዲት ሴት ነበረች፤ ለእሷ የተሰጠው እፎይታ እሱ እስኪመለስ ሆነ። በጣም ሲረዝም ግን ሰው አዲሱን ዋጋ ይረሳዋል፤ ሲጀምር እንደገና እንደ አዲስ ያማል። ስለዚህ ሊጀምር ሁለት ቀን ሲቀረው «ከነገ ወዲያ ነው፣ አይርሱ» ብሎ ማስታወስ ያስፈልጋል።

ሦስት ደንብ አደረግንለት። አንደኛው፣ የድሮው ዋጋ ለድሮው ልክ ብቻ ነው። አምስት ይወስድ የነበረ ቤት በእፎይታው ጊዜ አሥር ካዘዘ አምስቱ በአዲሱ ዋጋ ነው። ያለዚያ ጎረቤት በጎረቤት ስም መግዛት ይጀምራል፤ አንድ ቤት ላይ ይህ ደርሶ በሦስተኛው ቀን ታውቋል። ሁለተኛው፣ አዲስ የመጣ ደንበኛ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ 250 ይከፍላል። ይህ ለድሮዎቹ ክብር ነው፤ «ለእርስዎ» ያለችው ቃል እውነት የሚሆነው በዚህ ነው።

ሦስተኛው የዱቤው ጉዳይ ነው። ከጥቅምት 8 በፊት በዱቤ የተወሰደ እንጀራ መቼም ይከፈል መቼ በ200 ይታሰባል። ይህን ሳይጠየቁ መናገር ያስፈልጋል። አንድ ደንበኛ 30 እንጀራ፣ 6,000 ፓውንድ ነበረበት። የጭማሪውን ወሬ ሲሰማ ዕዳው 7,500 የሆነ መስሎት መንገድ ቀይሮ መሄድ ጀመረ። ሄዳ «የድሮው በድሮው ነው፣ ደብተሩ እንዳለ ነው» ስትለው ተመለሰ። በአንድ ቀን ዋጋም ጨምሮ ዕዳም መጠየቅ ግን ሰውን ማባረር ነው። ዕዳውን ከአጨዳው በኋላ ጠየቀችው።

ከጀመረ በኋላ የሆነው

ጥቅምት 8 ሲመጣ አሥራ ሁለቱ ቤቶች እንዲህ ሆኑ። ሰባቱ አምስቱን እንደያዙ ቀጠሉ። ሦስቱ ወደ አራት ዝቅ አደረጉ። ሁለቱ ቀሩ። እንግዲህ በቀን 47 እንጀራ ነው። የእንጨቱን ኪሳራ ቀንሰን በቀን 2,500 ገደማ ታገኛለች፤ ከ600 ጋር አነጻጽሩት። ከቀሩት አንዷ ከወር በኋላ ተመልሳለች፤ ራሷ ልትጋግር ሞክራ እንጨቱና ጊዜው እንደማያዋጣት አየችው። እህታችን ስትመለስ «ለምን ሄድሽ?» አላለቻትም። ተመላሽ ደንበኛ ሲወቀስ ሁለተኛ አይመለስም።

ቅሬታ መኖሩ በቃል ብቻ አይታወቅም። ልኩን የቀነሰው አልሄደም፤ በሩን ተጠቅሟል። የሚያሰጋው ክፍያውን ማዘግየት የጀመረ፣ ወይም ሌላ ሰው ልኮ የሚያስወስድ ነው። እንደዚያ ሲሆን ሄዶ ሰላም ማለት ነው እንጂ ዋጋ መቀነስ አይደለም። ለአንዱ በስውር የተቀነሰ ዋጋ በሁለት ቀን ሰፈሩን ይዞራል፤ በአዲሱ ዋጋ የከፈሉት ሁሉ እንደተሞኙ ይቆጥሩታል። አንዲት አቅመ ደካማ እናት ነበሩ፤ ለእሳቸው ዋጋው እንደ ሁሉም ሰው 250 ነው፣ ግን ቅዳሜ ቅዳሜ አንድ እንጀራ ምርቃት ይጨመርላቸዋል። ዋጋ ለሁሉም አንድ ይሁን፤ ደግነታችን በምርቃቱ ይገለጥ።

በኅዳር ማሽላው ረከሰ። እንደጠበቅነው አንድ ደንበኛ «አሁንማ ቀንሺ እንጂ!» አላት። መልሷ ተዘጋጅቶ ነበር። «ጋሼ፣ አሁን በሚተርፈኝ ለክረምት የሚሆን አንድ ጆንያ እየገዛሁ ነው። በሐምሌና በነሐሴ፣ እርስዎ ሥራ በሚያጡበት ወቅት፣ እንዳልጨምርብዎ ነው» አለችው። ቃሏንም ጠብቃ በየሳምንቱ ጥቂት ጥቂት እያስቀመጠች ማሽላ ገዛች። ያ ትርፍ ለሌላ ነገር ቢበላ ኖሮ መልሱ ሐሰት ይሆን ነበር፤ በክረምትም ይጋለጥ ነበር።

ይህም ቃል ቢሆን ልክ አለው። በዚህ አገር ገንዘብ የሚሆነውን አይተናል። እ.ኤ.አ. በየካቲት 2021 የባንኩ የዶላር ምንዛሪ በአንድ ጊዜ ከ55 ወደ 375 ፓውንድ ተሻገረ። ጦርነቱ በሚያዝያ 2023 ሲጀመር 600 አካባቢ የነበረው ዶላር በ2024 በጥቁር ገበያ ከ2,000 አልፏል። እንዲህ ባለ ጊዜ «ለዓመት አልጨምርም» ብሎ መማል ራስን ማሰር ነው። እህታችን ያለችው «የማሽላው ጆንያ አሁን ካለበት በግማሽ ካልጨመረ በቀር እስከሚቀጥለው አጨዳ አልነካውም፤ ከጨመረም ሁለት ሳምንት ቀድሜ እነግርዎታለሁ» ነው። የጆንያውን ዋጋ ደንበኛውም ገበያ ወርዶ ማየት ይችላል፤ ስለዚህ የሚያከራክር ነገር የለም።

እኛም ከዚህ ተምረን በተከታዩ ዓመት ለጥናቱ ክፍያ ስንጨምር ቤት ለቤት ዞርን፤ የነገርነው በመስከረም መጨረሻ፣ የጀመረው በጥቅምት አጋማሽ ነው። በሳምንት አምስት ቀን የሚከብደው ሦስት ቀን ልጁን መላክ እንዲችልም ምርጫ ሰጠን። ከአሥራ ዘጠኝ ተማሪ አሥራ ሰባቱ ቀጠሉ። ያቺ በነሐሴ የገሠጹን እናት ልጃቸውን ይዘው የመጡት በመጀመሪያው ቀን ነበር። «አሁን ገና አስተማሪ ሆናችሁ» አሉን።

ቸር ይግጠመን።